ፓሮክሴቲን ካቆመች በኋላ የታመመች ታካሚ፦ ድብርቱ አገረሸ ወይስ መድኃኒቱ ጎደለ?

የጠዋት ተረኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጥያቄዬ ስለ አንዲት ታካሚዬ ነው፤ ማንነቷን ሊጠቁም የሚችለውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ። ዕድሜዋ 40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከ4 ዓመት በፊት ብርቱ ጭንቀት የተቀላቀለበት ድብርት ይዟት ፓሮክሴቲን 20 ሚሊግራም ተጀመረላት። ከ2 ዓመት በላይ ደህና ሆና ስለቆየች መድኃኒቱን ማቆም እንደምትፈልግ ነገረችኝ፤ እኔም ተስማማሁ።

ያዘዝኩላት እንዲህ ነበር፦ ለ2 ሳምንት በየቀኑ 10 ሚሊግራም፣ ቀጥሎ ለ2 ሳምንት ያንኑ 10 ሚሊግራም አንድ ቀን እየዘለለች፣ ከዚያ ማቆም። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እንቅልፏ ትንሽ ከመረበሹ በቀር ያስቸገራት ነገር አልነበረም። ቀን መዝለል ስትጀምር ግን ባለቤቷ «አንድ ቀን ሰው ነሽ፣ አንድ ቀን እሳት ነሽ» ይላት ጀመር። ሙሉ በሙሉ ባቆመች በ3ኛው ቀን ማዞርና ማቅለሽለሽ መጣ። በ6ኛው ቀን ወደ እኔ ስትመጣ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የገባችው። «ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ራሴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ ይነዝረኛል» አለችኝ። በትንሽ በትልቁ ታለቅሳለች፤ ሌሊት ደግሞ በጣም ጥርት ያለ ቅዠት ታያለች። የደም ግፊቷን ተኝታም ቆማም ለካሁ፣ የደም ስኳሯን አየሁ፣ የነርቭ ምርመራ አደረግሁ፤ ሁሉም ደህና ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ድብርቱ አገርሽቷል፤ መድኃኒቱን መልስላትና ዕድሜ ልኳን ትውሰድ» አለኝ። ሌላው ለጆሮ ምርመራ እንድልካት መከረኝ። እኔ ያልገባኝ ሦስት ነገር ነው፦ ይህ ማገርሸት ነው ወይስ መድኃኒቱን የማቋረጥ ምልክት? መድኃኒቱን ብመልስላት በስንት ሚሊግራም ልጀምር? ከዚያስ በምን መንገድ ላስቁማት?

---

ሬዚደንት ፪

ዶክተር፣ ይህ የማቋረጥ ምልክት ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም። የኤሌክትሪክ ንዝረቱ ብቻ በቂ ምስክር ነው፤ ድብርት ራስ ውስጥ እንዲህ ያለ ንዝረት አያመጣም። ነገር ግን ብዙ የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። ስንማር የተነገረን ምልክቶቹ ቀላል እንደሆኑና በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ በራሳቸው እንደሚጠፉ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ሳይመልሱ አጽናንተው ቢያቆዩአት ይበቃል። ካልቻለች ደግሞ ወደ ፍሉኦክሴቲን ማዞር ይቻላል። ቀን መዝለሉንም ስህተት አልለውም፤ በአማካይ በቀን 5 ሚሊግራም ማለት ስለሆነ ግማሽ ክኒን ከመስጠት አይለይም።

---

አንጋፋው

የአእምሮ ሐኪም ነኝ። ሬዚደንቱ ምልክቱን በትክክል ለይቶታል፤ ስለ ቆይታውና ስለ ቀን መዝለሉ የጻፈውን ግን አልቀበለውም። ከቀን መዝለሉ ልጀምር፤ የታካሚዋ ችግር የተጀመረው እዚያ ላይ ነውና።

ፓሮክሴቲን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚወርደው በአማካይ በ21 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል። አንድ ቀን ዘለለች ማለት ከክኒን እስከ ክኒን 48 ሰዓት አለፈ ማለት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መጠኑ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። በማግሥቱ ክኒኑን ስትውጥ እንደገና ይወጣል። አማካዩ 5 ሚሊግራም ይሁን እንጂ አንጎሏ የሚያየው አማካዩን አይደለም፤ በየሁለት ቀኑ አንዴ መውጣትና አንዴ መውደቅ ነው። በዚያ ላይ ፓሮክሴቲን ራሱን የሚያስወግደውን የጉበት ኤንዛይም ራሱ ያግዳል። መጠኑ ሲቀንስ እገዳው ስለሚላላ መድኃኒቱ ከበፊቱ በፈጠነ ሁኔታ ይወገዳል፤ ስለዚህ ክኒኑን በግማሽ ስንቀንስ በደም ውስጥ ያለው ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ባለቤቷ «አንድ ቀን ሰው፣ አንድ ቀን እሳት» ያሉት የዚህ ግራፍ መግለጫ ነው፤ ከዚያ የተሻለ የሕመም ታሪክ እኔም አልጽፍም። ቀን እየዘለሉ መቀነስ የሚያስኬደው ለፍሉኦክሴቲን ነው፤ እሱና ከእሱ የሚወለደው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ለቀናትና ለሳምንታት ስለሚቆዩ አንድ ቀን መዝለል አያናውጣቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ማገርሸትን ከማቋረጥ ምልክት ስለይ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀኑን ነው። በ3ኛው ቀን የመጣ ነገር፣ ያውም ከመጨረሻው የመጠን ቅነሳ ጋር የተገጣጠመ፣ ማገርሸት የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ድብርት ሲያገረሽ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። ይህ ግን ለፓሮክሴቲንና ለቬንላፋክሲን የሚሠራ መለኪያ ነው፤ ፍሉኦክሴቲን ባቆመ ሰው የማቋረጡ ምልክት ራሱ ሳምንታት ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ቀኑ ብቻውን ያሳስታል።

ሁለተኛ፣ «የያኔው ሕመምሽ እንዲህ ነበረ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከ4 ዓመት በፊት የነበረው ጠዋት ከአልጋ መነሣት አለመቻል፣ ለምንም ነገር ደስታ ማጣት፣ ራስን መውቀስ ከሆነና የአሁኑ ደግሞ ማዞር፣ ንዝረት፣ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ልቅሶ ከሆነ፣ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። እንባዋን ብቻ አይተው «ድብርት ነው» ያሉት ባልደረባዎ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልቅሶውና ጭንቀቱ የማቋረጥ ምልክትም ናቸው፤ የሚለያቸው አብረዋቸው የሚመጡት የአካል ምልክቶች ናቸው።

ሦስተኛው መለያ መድኃኒቱ ሲመለስ የሚታየው ነው። የማቋረጥ ምልክት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀላል፤ ያገረሸ ድብርት ግን በመድኃኒት የሚሻሻለው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን መመለስ ሕክምናም ምርመራም ነው። ለእርስዎ ታካሚ ደህና ሆና የነበረችበትን የመጨረሻ መጠን፣ ማለትም በየቀኑ 10 ሚሊግራምን፣ እመልስላት ነበር፤ ወደ 20 መውጣት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከ3 እና ከ4 ቀን በኋላ በስልክ ጠይቋት።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ይጠይቋት፦ ቁጭ ብላ መቆየት አቅቷት ከወዲያ ወዲህ ትመላለሳለች ወይ? ሰውነቷ ውስጥ የሚያስጨንቅ፣ መቆም የማይችል እረፍት ማጣት ካለ አካቲዝያ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ጋር ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊመጣ ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም።

---

ቆየት ያለ አባል

ይቅርታ፣ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከላይ የተጻፈውን ሳነብ መድኃኒቱ ሱስ የሚያስይዝ ይመስላል። ካቆሙት የሚያሳምም፣ ሲመልሱት የሚያሽል ነገር ሱስ ካልሆነ ምን ይባላል? እንዲህ ከሆነ ለታካሚዋ ከመጀመሪያውም ባይታዘዝ አይሻልም ነበር? ታካሚዋን ወደ ሱስ ማገገሚያ ልትልኳት ይሆን?

---

የጠዋት ተረኛ

ጥያቄዬ መጀመር ነበረበት ወይ የሚል አልነበረም፤ ያኔ ሥራ መሄድ አቅቷት የነበረች ሴት ናት። ሱስን በተመለከተ ግን ታካሚዋም ይህንኑ ስለጠየቀችኝ ምን ልመልስላት?

---

አንጋፋው

ለታካሚዎቼ የምለው ይህን ነው፦ ሱስ ያለበት ሰው ንጥረ ነገሩን ይመኘዋል፣ መጠኑን ይጨምራል፣ ጉዳቱን እያወቀ ይፈልገዋል። አንቺ ደግሞ ላቁም ብለሽ ነው የመጣሽው። ሆኖም ሰውነትሽ ለ4 ዓመት መድኃኒቱ አለ ብሎ ራሱን አስተካክሏል፤ በድንገት ሲነሣበት ሚዛኑን ይስታል። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም በድንገት ሲቆሙ ግፊቱ ያሻቅባል፤ ማንም ግን ሱስ አይለውም። «ሱስ አይደለም» ብሎ ብቻ መሸኘት ደግሞ ትክክል አይደለም፤ ታካሚው የሚሰማው «የሚሰማህ ነገር የለም» ተብሎ ነው።

---

ነርስ ነኝ፣ ታካሚም ነበርኩ

ስለ ፓሮክሴቲን አላውቅም፤ እኔ የወሰድኩት ቬንላፋክሲን ነው፣ ለ3 ዓመት። ከ150 ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 37.5 ሚሊግራም ስወርድ ይህ ነው የሚባል ችግር አላየሁም። ሐኪሜ «ከዚህ ያነሰ ካፕሱል የለም፤ ስለዚህ አሁን ማቆም ትችያለሽ» አሉኝ። እኔም በሙያዬ ውስጥ እያለሁ አመንኩ። ቬንላፋክሲን ቶሎ ስለሚወጣ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው የጀመረኝ። ደረጃ ስወርድ እግሬ የት እንደሚያርፍ አላውቅም ነበር፤ ዓይኔ ከራሴ ቀድሞ የሚዞር ይመስለኛል። ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት የመድኃኒት ገበታውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። 3 ሳምንት ታገሥኩ፤ አልሄደም። እንደገና 37.5 ስጀምር በሁለተኛው ቀን ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ካፕሱሉን እየከፈትኩ ከውስጡ ያሉትን ትንንሽ ፍሬዎች እየቀነስኩ በ7 ወር አቆምኩ። ሬዚደንቱ «አጽናንተው ያቆዩአት» ሲሉ ንዴቴ መጣ፤ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ግን አሁንም ያልተፈታልኝ ነገር አለ፦ ከ150 ወደ 75 ስወርድ 75 ሚሊግራም አጥቼ ምንም ሳልሆን፣ የመጨረሻዋን 37.5 ስተው ለምን እንዲህ ወደቅሁ? የቀረው ከሄደው ግማሽ አይደለም?

---

አንጋፋው

እህቴ፣ የዚህ ክር ቁልፍ ጥያቄ የእርስዎ ነው። ቁጥሩን ለሲታሎፕራም ልስጥዎት፤ በአንጎል ምስል የተጠናው እሱ በደንብ ስለሆነ። የሌሎቹ ቅርጽ ተመሳሳይ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ሴሮቶኒንን ወደ ሕዋሱ የሚመልሰውን አጓጓዥ በመያዝ ነው። ሲታሎፕራም 20 ሚሊግራም ከአጓጓዦቹ 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። 40 ሚሊግራም ቢያደርጉት የሚይዘው 86 በመቶ ገደማ ነው፤ እጥፍ ክኒን ውጠው የሚያገኙት 6 ነጥብ ብቻ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 9 ሚሊግራም ገደማ ላይ አሁንም 70 በመቶ ተይዟል። 2.3 ሚሊግራም ላይ፣ ማለትም ከትንሿ ክኒን ሩብ በማይሞላ ፍርፋሪ ላይ፣ 40 በመቶ ተይዟል። 0.8 ሚሊግራም እንኳ 20 በመቶ ይይዛል።

ስለዚህ ከ20 ወደ 9 የወረደ ሰው 11 ሚሊግራም ጥሎ ያጣው 10 ነጥብ ነው። ከ2.3 ወደ ዜሮ የሄደ ሰው ግን 2.3 ሚሊግራም ጥሎ 40 ነጥብ ያጣል። ክኒኑን በእኩል ቁራሽ እየቀነስን «ቀስ በቀስ አወረድን» የምንለው ከላይ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ስንሄድ ቆይተን መጨረሻ ላይ ከገደል መዝለል ነው። እርስዎ ያለችግር የሄዱበት ሜዳው ላይ ነበር። «ከዚህ ያነሰ ካፕሱል የለም» የሚለው የፋብሪካው ወሰን እንጂ የአንጎል ወሰን አይደለም።

ለሬዚደንቱም፦ «ቀላል ነው፣ በሳምንት ይጠፋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በእንግሊዝ የናይስ መመሪያም ውስጥ ነበር። በ2019 ምልክቶቹ በአንዳንድ ሰው ላይ ጽኑ ሊሆኑና ረዥም ጊዜ ሊቆዩ እንደሚችሉ በሚገልጽ ተተካ። በ2022 የወጣው መመሪያቸው ደግሞ እያንዳንዱ ቅነሳ የቀደመው መጠን ድርሻ እንዲሆን ይመክራል፤ መጀመሪያ ለምሳሌ ግማሽ፣ መጠኑ እየሳሳ ሲሄድ ሩብ። በክኒን ካልተቻለ ፈሳሽ ይታዘዝ ይላል።

---

የመድኃኒት ቤት ሰው

ፋርማሲስት ነኝ። «ፈሳሽ ይታዘዝ» ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ስለ አለካኩ ልጻፍ።

የፓሮክሴቲን ፈሳሽ በብዛት የሚገኘው በ5 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ይዞ ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር 2 ሚሊግራም ማለት ነው። ማዘዣው ላይ ሚሊግራሙን ብቻ አትጻፉ፤ ሚሊ ሊትሩንም አብራችሁ ጻፉ። «1.5» ብሎ የተጻፈ ማዘዣ መጥቶልኝ ሐኪሙ ሚሊግራም ማለታቸው ይሁን ሚሊ ሊትር ለማወቅ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ ልዩነቱ እጥፍ ነው። ታካሚዋ በሾርባ ማንኪያ አትለካ፤ መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ለላይኛው መጠን፣ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ደግሞ ለታችኛው ስጧት። በመስታወት ፊት ሳይሆን በእናንተ ፊት አንዴ ቀድታ ታሳያችሁ።

ለዚህች ታካሚ እኔ የማስበው መንገድ ይህ ነው፦ 10 ሚሊግራም (5 ሚሊ ሊትር) ላይ ሙሉ በሙሉ እስክትረጋጋ 4 ሳምንት ትቆይ። ከዚያ 7.5 (3.75 ሚሊ ሊትር)፣ ከዚያ 5 (2.5 ሚሊ ሊትር)። ከ5 በታች እርምጃው ይጠር፦ 4፣ 3፣ 2፣ 1.5፣ 1፣ 0.5፣ ከዚያ ማቆም። 0.5 ሚሊግራም ሩብ ሚሊ ሊትር ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያለ ችግር ይለካል። በእያንዳንዱ እርከን ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ቀኑ ሳይሆን ሁኔታዋ ይወስን፤ ምልክቱ ሳይጠፋ ወደ ሚቀጥለው አትውረድ።

ፈሳሽ የሌላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ተራውን የፓሮክሴቲን ክኒን መክፈል ይቻላል፤ ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራውን ግን መክፈልም መፍጨትም አይቻልም። የነርሷን የቬንላፋክሲን ካፕሱል በተመለከተ ፍሬዎቹ ሳይፈጩ መሆን አለባቸው፤ ከተፈጩ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። የፍሬው ቁጥር ከካፕሱል ካፕሱል፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ቆጥሮ የሚቀንስ ሰው ፋብሪካ እንዳይቀይር ይነገረው፤ አንዳንዱ ካፕሱል ውስጥ እንዲያውም ፍሬ ሳይሆን ጥቂት ትንንሽ ክኒኖች ናቸው ያሉት። ዱሎክሴቲንን ደግሞ የጨጓራ አሲድ ስለሚያበላሸው ፍሬው ላይ ያለው ሽፋን ፈጽሞ አይነካ።

---

ገጠር ቀመስ ሐኪም

ሁሉም ጥሩ፤ ግን ትንሽ የበዛ አይመስላችሁም? ላለፉት ብዙ ዓመታት ስንቱን ታካሚ በ4 ሳምንት አስቁሜአለሁ፤ አብዛኛው «ትንሽ አዞረኝ» ብሎ ያለፈ ነው። በ2024 በላንሴት ሳይካትሪ የወጣው ትልቅ ትንተና መድኃኒት ካቆሙት 31 በመቶ ምልክት እንዳሳዩ፣ ሳያውቁት ባዶ ክኒን ካቆሙትም 17 በመቶ እንዳሳዩ ነው የሚለው። ከሌላው ለይተን ለመድኃኒቱ የምንሰጠው ከ6 ወይም ከ7 ሰው የአንዱን ነው፤ ጽኑ የሆነው ደግሞ 3 በመቶ ገደማ። ለዚያ ብለን ሁሉንም በስሪንጅ ለዓመት ልናስጨንቅ ነው? የምልክት ዝርዝር አስቀድሞ የተነገረው ሰው ራሱ ምልክቱን እንደሚጠብቅ ባዶ ክኒን ያቆሙት 17 በመቶ ያሳያሉ።

---

አንጋፋው

የጠቀሱት ትክክል ነው፤ የመጠባበቅ ድርሻም እውነት ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። በዚያ ትንተና ከገቡት ጥናቶች ብዙዎቹ መድኃኒቱን ለወራት ብቻ የወሰዱ ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ የእኛ ታካሚ 4 ዓመት ወስዳለች። ከዚያ በፊት በ2019 የወጣ ሌላ ግምገማ 56 በመቶ ብሎ ነበር፤ እሱ ደግሞ የበይነመረብ መጠይቆችን ጭምር ስላካተተ ከፍ ማለቱ አያስገርምም። እውነቱ በመካከል የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ለረዥም ጊዜ ተጠቃሚዎች እስካሁን አልተቆረጠም።

ሁሉም ሰው ስሪንጅ ያስፈልገዋል አላልኩም። 6 ወር ፍሉኦክሴቲን ለወሰደ ሰው የእርስዎ 4 ሳምንት በቂ ሊሆን ይችላል። ፓሮክሴቲን ወይም ቬንላፋክሲን፣ ረዥም ዓመት፣ ያውም ክኒን ረስቶ ሲቀር የሚያዞረው ሰው ግን ሌላ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ እያንዳንዱ ሐኪም ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ፦ «አንድ ቀን ብትረሺ ምን ይሰማሻል?» እኔ ከየትኛውም የመጠን ሠንጠረዥ በላይ የምተማመንበት መልስ ይህ ነው።

---

ገጠር ቀመስ ሐኪም

ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም በጣም ቀስ ብሎ መውረድ ከእኔ 4 ሳምንት እንደሚበልጥ በደንብ በተመዛዘነ ሙከራ እስካላየሁ ድረስ ምክንያታዊ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር ነው አልልም። አንድ የማታነሡት ነገርም አለ፦ እውነተኛ ማገርሸት። በ2021 የወጣው አንትለር የተባለው ጥናት የተደረገው በጠቅላላ ሐኪም ታካሚዎች ላይ ነው፤ ደህና ነን ብለው ማቆም ያሰቡ ሰዎች ናቸው። በ1 ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 39 በመቶ፣ ካቆሙት 56 በመቶ አገረሸባቸው። ምልክቱ ሁሉ «ማቋረጥ ነው» እየተባለ ያገረሸ ድብርት እንዳይታለፍ እሰጋለሁ።

---

አንጋፋው

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ቀስ ብሎ መውረድ ማገርሸትን ይከለክላል ብዬ ለታካሚ ቃል አልገባም። ከ56ቱ ውስጥ ስንቱ ማገርሸት መስሎ የተቆጠረ የማቋረጥ ምልክት እንደሆነም ክርክር አለ፤ ጥናቱ ብቻውን አይፈታውም። ለዚህ ነው የአካል ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር የማያት።

---

ሬዚደንት ፪

ስለ ቀን መዝለሉ ተሳስቻለሁ፤ ስሌቱን ራሴ ሠርቼ አየሁት። ነርሷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ፍሉኦክሴቲንን ማንም አልነካውም። ፓሮክሴቲኑን በ20 ሚሊግራም ፍሉኦክሴቲን ተክቶ እሱ ራሱ ቀስ ብሎ እንዲወጣ መተው ከስሪንጅ አይቀልም?

---

አንጋፋው

ፈሳሽ በማይገኝበት ቦታ እኔም አደርገዋለሁ። ሦስት ነገር ግን ልብ በል። አንደኛ፣ ፍሉኦክሴቲን የፓሮክሴቲንን ምልክት በሁሉም ሰው ላይ አይሸፍንም፤ ፓሮክሴቲን አሴቲልኮሊን ላይም ስለሚሠራ ማቅለሽለሹና ላቡ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ አብረው በሚሰጡባቸው ቀናት የሴሮቶኒን መብዛት ምልክቶችን ጠብቅ፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የጡንቻ መወራጨት፣ ተቅማጥ። ፍሉኦክሴቲንም ያንኑ የጉበት ኤንዛይም ስለሚያግድ ታሞክሲፈን ወይም ሜቶፕሮሎል የምትወስድ ከሆነ መጀመሪያ መታየት አለበት። ሦስተኛ፣ ችግሩ ከመጣ ዘግይቶ ይመጣል፤ ባቆመች በ4ኛው ሳምንት ሲያዞራት ከመድኃኒቱ ጋር የሚያገናኘው ሰው ላይገኝ ይችላል።

---

የጠዋት ተረኛ

ከ5 ወር በኋላ ተመልሼ መጣሁ፤ ክር ጀምሮ መጥፋት ነውር ነውና።

በዚያው ቀን 10 ሚሊግራም መለስኩላት። አካቲዝያም ራስን የመጉዳት ሐሳብም አልነበራትም። በ3ኛው ቀን ስደውልላት ንዝረቱ ቀርቶ ማዞሩ በጥቂቱ ነበር፤ በሳምንቱ ሥራ ገባች። ለጆሮ ምርመራ አልላክኋትም። ከ4 ሳምንት በኋላ በፋርማሲስቱ መንገድ ፈሳሹን ጀመርን። 7.5 እና 5 ላይ ምንም አልሆነችም። 4 ላይ ለ5 ቀን ያህል እንቅልፏ ተረበሸ፤ ጠብቀን አለፈ። ሲቀንሱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚመጣና ከሳምንት በታች የሚሄድ ነገር እንደሆነ አስቀድሜ ስለነገርኳት አልደነገጠችም።

3 ሚሊግራም ላይ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመን። መጠኑ ሳይቀየር፣ በ3ኛው ሳምንት ላይ፣ አዲስ ጠርሙስ ከፈተች፤ በማግሥቱ ደግሞ ንዝረቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለችበት ሁኔታ ተቀያያሪ ሆነ፤ ደህና ሳምንት፣ ክፉ ሳምንት። ማገርሸት ይሆን ብዬ ልሰጋ ስል የመድኃኒት ቤቱ ሰው በውስጥ መልእክት አንድ ጥያቄ ላኩልኝ።

---

የመድኃኒት ቤት ሰው

የጠየቅሁት «ጠርሙሱን ትንጣለች ወይ?» ነበር። የፓሮክሴቲን ፈሳሽ የሚሟሟ ሽሮፕ አይደለም፤ መድኃኒቱ በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፎ ያለ ዱቄት ነው፣ ካልተናጠ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሳይነጡ ከላይ የሚቀዱት የሳሳ ነው፣ ከታች የሚቀረው ደግሞ የጠና። በ10 ሚሊግራም ላይ ሳለች ይህ ልዩነት ሜዳው ላይ ስለነበረ አልታወቃትም።

---

የጠዋት ተረኛ

አትንጥም ነበር። ጠርሙሱን ማቀዝቀዣ አናት ላይ አስቀምጣ በጥንቃቄ፣ እንዳይነቃነቅ፣ ነበር የምትቀዳው፤ ጥንቃቄዋ ነው የጎዳት። መንጣት ከጀመረች 4 ሳምንት ሆናት፣ ከ3 ሚሊግራም ሳንነቃነቅ፣ ንዝረቱ አልተመለሰም። ትናንት ወደ 2 ወረድን፤ 1 ሚሊ ሊትር። ዓርብ እደውልላታለሁ።